ሁለት ቃል ብቻ ያለው መልእክት አማርኛ ይሁን ትግርኛ እንዴት እንደሚለይ

በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ፈረቃው ሲዘገይ የብሎኮቻችን ኮሚቴ ውሃ በቦቴ ያስመጣል፤ የእኔ ድርሻ ደግሞ ከነዋሪዎች በስልክ የሚገቡትን አጫጭር መልእክቶች እያነበብኩ በአማርኛ የተጻፉትን ራሴ መመለስ፣ በትግርኛ የተጻፉትን ቋንቋውን አቀላጥፎ ለሚናገረው ባልደረባዬ ማስተላለፍ ነው። ሥራው ቀላል ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ግን «ገዛ 12» የሚል መልእክት ገባና አንድ ሰው 12 ጄሪካን ውሃ ከሌላ ቦታ መግዛቱን እያሳወቀን ነው ብዬ አልፌው ሄድኩ። በሁለተኛው ቀን አንዲት እናት ወደ ኮሚቴው ቢሮ መጥተው «ልጄ፣ የቤቴን ቁጥር ልኬልህ አልነበረም?» አሉኝ። በትግርኛ «ገዛ» ማለት ቤት ነው። እኚህ እናት የጻፉልኝ «ቤት ቁጥር 12» ብለው ነበር፤ እኔ ግን ያነበብኩት በአማርኛው ግስ ነው። ከዚያ ወዲህ የምከተለውን አሠራር በቅደም ተከተል እጽፋለሁ።

መጀመሪያ የሚደረገው መልእክቱን መቀነስ ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች አንድ ፊደል ብቻ ሳይሆን ብዙ ቃላትም ስለሚጋሩ፣ በሁለቱም ውስጥ በአንድ ዓይነት የሚጻፈው ቃል ስለ ቋንቋው ምንም አይነግረንም። «ሰላም»፣ «ግን»፣ «ሰዓት»፣ «ገንዘብ»፣ በአኃዝ የተጻፈ ቁጥር፣ የብሎክ ስም፣ እነዚህን ሁሉ በእርሳስ ሰርዛቸው። የላኪው ስምም ይሰረዛል። በ«ገብረ» ወይም በ«ኃይለ» የሚጀምሩ ስሞች የሁለቱም ቋንቋ ተናጋሪዎች ስሞች ናቸው፤ ከዚያም በላይ የምንለየው መልእክቱ የተጻፈበትን ቋንቋ እንጂ የሰውየውን ማንነት አይደለም። በአማርኛ የጻፈ ጎረቤት በስሙ ተገምቶ በትግርኛ ሲመለስለት ቅር ቢለው ፍጹም ትክክል ነው። ከስረዛው በኋላ ምንም ቃል ካልቀረ በግምት አትቀጥል፤ ወደ መጨረሻው እርምጃ እለፍ።

ሁለተኛውና ዋናው እርምጃ የቃሉን መጨረሻ ማየት ነው። የቃሉ መነሻና ሥር ብዙ ጊዜ የጋራ ቅርስ ስለሆነ ሁለቱን ቋንቋዎች ያመሳስላቸዋል፤ የሚለያዩት በጅራቱ ነው። «ደውልልኝ» እና «ደውለለይ» የሚሉትን ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። ሁለቱም በ«ደው» ይጀምራሉ፣ ሁለቱም ላኪው እንዲደወልለት ይጠይቃሉ፤ ነገር ግን «ለእኔ» የሚለውን አማርኛ በ«ልኝ»፣ ትግርኛ በ«ለይ» ይናገራል። በግስ መጨረሻ ላይ «ኝ» ካየሁ አማርኛ ነው ለማለት አላመነታም።

አሉታውም እንዲሁ ነው። አማርኛ «አይመጣም» ሲል ትግርኛ «ኣይመጽእን» ይላል፤ አማርኛ «የለም» ሲል ትግርኛ «የለን» ይላል። በ«አይ» የጀመረው አሉታ በአማርኛ በ«ም»፣ በትግርኛ በ«ን» ይዘጋል። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በአማርኛም በ«አይ» ጀምረው በ«ን» የሚያልቁ ቃላት አሉ። «አይን» ብሎ የጻፈ ሰው ስለ ዓይኑ እየነገረህ ሊሆን ይችላል፤ «አይተን እንመጣለን» ያለውም አሉታ ፈጽሞ አልተናገረም። ስለዚህ ጫፎቹን ብቻ አትመን። «አይ»ንና «ን»ን ከሁለቱ ወገን ካነሣህ በኋላ መካከል ላይ የሚቀረው ግስ መሆኑን አረጋግጥ፤ «መጽእ» ግስ ነው፣ ከ«አይተን» የሚቀረው «ተ» ግን ብቻውን ትርጉም የለውም።

ስሞችም ጅራት አላቸው። በአማርኛ በሁለት ተነባቢዎች የሚያልቁ ብዙ ቃላት በትግርኛ መጨረሻቸው ላይ የ«ኢ» ድምፅ ይጨመርባቸዋል፤ «ስልክ» «ስልኪ»፣ «ልብ» «ልቢ»፣ «ዓርብ» «ዓርቢ»፣ «ትምህርት» «ትምህርቲ» ይሆናል። «ስልኪ ጠፊኡ» ከሚል ሁለት ቃል ውስጥ የመጀመሪያው ቃል ብቻ በቂ ነው፤ አማርኛ «ስልኬ» ወይም «ስልኩ» ይላል እንጂ «ስልኪ» አይልም።

መልእክቱ የሁለቱ ቋንቋዎች ቅልቅል ሲሆንም ጅራቱ ይረዳል። «ቦቴ ነገ ኣይመጽእን ዶ» የሚል መልእክት ደርሶኝ ያውቃል። «ቦቴ» የሰፈሩ ሁሉ ቃል ነው፣ «ነገ» ጥርት ያለ አማርኛ ነው፤ በትግርኛ «ጽባሕ» ነበር የሚባለው። አዲስ አበባ ዳር የሚኖር ሰው እንዲህ መቀላቀሉ የተለመደ ነው። ነገር ግን ሰው ስምና የጊዜ ቃል በቀላሉ ይዋሳል እንጂ የግስን መዝጊያና የጥያቄን ምልክት በቀላሉ አይዋስም፤ «ኣይመጽእን» እና ጥያቄ አመልካቹ «ዶ» መልእክቱ በትግርኛ መታሰቡን ይናገራሉ። ስለዚህ ቃላቱን ቆጥሮ በብዛት መፍረድ ያሳስታል።

ጅራት ያለው ቃል ከጠፋ ሦስተኛው እርምጃ ፊደሎቹን ማየት ነው። ብዙ ሰው የሚጀምረው ከዚህ ቢሆንም እኔ ወደ ኋላ ያደረግሁት በምክንያት ነው። «ቐ» በመደበኛው አማርኛ አጻጻፍ ውስጥ የለም፤ ስለዚህ «የቐንየለይ» የሚል ምስጋና ሲመጣ አማርኛ አለመሆኑ ያለቀለት ነው። የፊደሉ አለመኖር ግን ምንም አያረጋግጥም፤ በስልኩ ላይ የአማርኛ የፊደል ገበታ ብቻ ያለው ሰው «ቐ»ን አጥቶ «የቀንየለይ» ብሎ ሊጽፍ ይችላልና።

«ኸ» ይበልጥ ያሳስታል። በትግርኛ «ከ» እና «ቀ» ከአናባቢ በኋላ ሲመጡና ሳይጠብቁ ሲቀሩ ላልተው ከጉሮሮ በሚወጣ ድምፅ ይነገራሉ፤ «ኸ» እና «ቐ» የሚጻፉትም ለዚሁ ነው። በዚህ የተነሣ እነዚህ ፊደሎች አብዛኛውን ጊዜ የሚገኙት በቃሉ መካከል ወይም መጨረሻ ላይ ነው፤ «ንስኻ»፣ «ኣለኻ»፣ «ደሓን ዲኻ» እንደሚባለው። አማርኛ ጸሐፊ ደግሞ ሲገረም ወይም ሲማረር «ኸረ ውሃ!» ብሎ ቃሉን በ«ኸ» ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ «ኸ»ን ስታይ መኖሩን ሳይሆን የተቀመጠበትን ቦታ ጠይቅ።

ከሁሉም የደከመው ምልክት «ኣ» ነው። ትግርኛ «ኣነ»፣ «ኣሎ»፣ «ኣይኮነን» እያለ በ«ኣ» ይጽፋል፣ አማርኛ «አ»ን ይመርጣል፤ ይሁን እንጂ «ኣዲስ ኣበባ» ብሎ የሚጽፍ አማርኛ ተናጋሪም ሞልቷል። ከሚገቡት 100 መልእክቶች 95ቱ አማርኛ፣ 5ቱ ትግርኛ ናቸው እንበል። ከ5ቱ ትግርኛዎች 4ቱ «ኣ» ቢኖራቸው፣ ከ95ቱ አማርኛዎችም 4ቱ ብቻ ቢኖራቸው፣ «ኣ» ያለባቸው መልእክቶች 8 ይሆናሉ፤ ከእነዚህም ግማሾቹ አማርኛ ናቸው። ምልክቱ በአንደኛው ቋንቋ የተለመደ፣ በሌላው እጅግ ብርቅ ቢሆንም፣ አንዱ ቋንቋ በብዛት በሚጻፍበት ቦታ ፍርዱ እኩል ለእኩል ይወጣል። በ«ኣ» ብቻ ከመፍረድ የተቆጠብኩት ይህን በወረቀት ላይ ካሰላሁ በኋላ ነው።

አራተኛው እርምጃ በሁለቱም ቋንቋ ትርጉም ያለውን ነገር ግን ትርጉሙ የሚለያየውን ቃል በተቀመጠበት ቦታ መመርመር ነው። ወደ «ገዛ 12» እንመለስ። «ገዛ» ጅራት የለውም፣ ልዩ ፊደልም የለውም፤ ቦታ ግን አለው። ሁለቱም ቋንቋዎች ግሱን ወደ መጨረሻ ይገፋሉ፤ በአማርኛ መግዛትን የሚናገር ሰው «12 ገዛ» ይላል። ቃሉ ከቁጥሩ በፊት መቀመጡ ግስ ሳይሆን ስም መሆኑን ይጠቁማል፣ ስም ከሆነ ደግሞ ትግርኛ ነው። በተጨማሪም አማርኛ ተናጋሪ ስለ ራሱ ሲጽፍ «ገዛሁ» እንጂ «ገዛ» አይልም። ሁለቱም ፍንጮች በዚያን ቀን ዓይኔ ሥር ነበሩ።

«አሎ» የሚለውም እንደዚሁ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ስልክ ሲያነሣ እንደሚለው በጽሑፍም «አሎ» ብሎ ሊጣራ ይችላል፤ «ኣሎ»ን በ«አ» የጻፈ ትግርኛ ተናጋሪ ግን «አለ» እያለ ነው። ጥሪ ፊት ይመጣል፣ ግስ ኋላ ይቀመጣል። ስለዚህ «አሎ ብሎክ 7» ብዙውን ጊዜ የሚጣራ ሰው ነው፤ «ብሎክ 7 አሎ» ደግሞ ብሎክ 7 ውሃ እንዳለ የሚያስታውቅ ሊሆን ይችላል። ይህ ፍንጭ ሙሉ ማረጋገጫ አይደለም፤ በችኮላ የሚጻፍ መልእክት ቅደም ተከተሉን ያዛባል።

ከሁለቱ አንዱን የግድ መምረጥም አይገባም። በሰፈራችን ስልጥኛና የቤተ ጉራጌ ቋንቋዎች የሚናገሩ ጎረቤቶች አሉ፤ እነሱም በዚሁ ፊደል ሊጽፉ ይችላሉ። ጅራቱ ከአማርኛም ከትግርኛም ካልገጠመ፣ ለአንዱ ይቀርባል ብሎ ወደዚያ መጎተት ሁለት ስህተት ይሆናል፤ ቋንቋው ይሳታል፣ መልእክቱም የሚረዳው ሰው ጋ ሳይደርስ ይቀራል።

የመጨረሻው እርምጃ ላልተለየው መልእክት ነው። በደብተሬ ላይ ከ«አማርኛ» እና ከ«ትግርኛ» ጎን «አልተለየም» የሚል ሦስተኛ ዓምድ አስምሬያለሁ፤ እዚያ ለገባ ሰው በሁለቱም ቋንቋ በአንድ መልእክት «ውሃ ጠፍቷል ወይ? ማይ ጠፊኡ ዶ?» ብዬ እልካለሁ። መልሱ ብዙ ጊዜ ጅራት ይዞ ይመጣል። «አዎ» ወይም «እወ» የሚል አንድ ቃል ቢመጣ እንኳ «አዎ» አማርኛ፣ «እወ» ትግርኛ ስለሆነ ይበቃኛል። ባለፈው ሳምንት «የለን» የሚል አንድ ቃል ብቻ ደረሰኝ። ወደ ትግርኛው ዓምድ ልጽፈው እጄን ዘርግቼ ነበር፤ ነገር ግን «የለንም» ለማለት ፈልጎ የመጨረሻዋን ፊደል የዘለለ አማርኛ ተናጋሪም ይህንኑ ይጽፋል። በሦስተኛው ዓምድ አስቀምጬ ጥያቄውን በሁለቱም ቋንቋ ላክሁ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ «ሮቶው ባዶ ነው፣ ምንም የለንም» የሚል መልስ መጣ።