ሁለት ጊዜ የተቆረጠ ብር፦ ስቴትመንትና የትዕዛዝ ዝርዝር ሲያመሳክሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ፒያሳ አካባቢ የአልጋ ልብስ የምትሸጥ ነጋዴ ዕቃ የምታመጣው ከአዲስ አበባ አከፋፋይ ነው። በኦንላይን ታዛለች፣ በሞባይል ባንኪንግ ትከፍላለች። የካቲት ላይ ስቴትመንቷን ስታይ 4,600 ብር ሦስት ጊዜ ተቆርጧል። የምታስታውሰው ግን ሁለት ትዕዛዝ ብቻ ነው። አከፋፋዩ የትዕዛዝ ዝርዝሩን ከሲስተሙ አውጥቶ ላከላትና በስልክ፣ «አብሽሪ፣ እኔም ጋ 4,600 ሦስት ጊዜ ነው የሚታየው» አላት። እውነቱን ነው፣ ሦስት ጊዜ ይታያል። ግን ሦስት ትዕዛዝ አልነበረም።

መስመሮችን እንደ ትዕዛዝ መቁጠር

ከሁሉም የሚያሳስተው ይሄ ነው። ብዙ ሲስተሞች ፋይሉን ሲያወጡ ለእያንዳንዱ ትዕዛዝ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ መስመር ይሰጣሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ የትዕዛዙን ጠቅላላ ዋጋ በየመስመሩ ይደግሙታል። የእሷ ፋይል እንዲህ ነበር፦

```
ትዕዛዝ   ዕቃ          ዋጋ     ጠቅላላ
1047    ብርድ ልብስ     3000   4600
1047    አንሶላ        1600   4600
1052    መጋረጃ        4600   4600
```

ጠቅላላ የሚለውን ዓምድ ብቻ ያየ ሰው ሦስት ክፍያና ሦስት ትዕዛዝ አግኝቶ ፋይሉን ይዘጋል። የትዕዛዝ ቁጥሩን ያየ ግን ትዕዛዙ ሁለት መሆኑ ይገባዋል። ስለዚህ ከማመሳከር በፊት የፋይሉን ቅጂ ይውሰዱና በኤክሴል በትዕዛዝ ቁጥር ዓምድ ብቻ ድግግሞሹን ያስወግዱ፤ ለአንድ ትዕዛዝ አንድ መስመር ይቀራል። ዋናውን ፋይል አይንኩት፣ ኋላ ማስረጃዎ እሱ ነው።

ከዚያ ስቴትመንቱን `Bank`፣ ትዕዛዙን `Orders` በሚባሉ ሁለት ገጾች ያስቀምጡ። የተቆረጠው ብር C፣ የትዕዛዙ ጠቅላላ D ዓምድ ላይ ከሆነ፣ `Bank` ገጽ ላይ ባዶ ዓምድ ሁለተኛ ረድፍ ይህን ይጻፉና ወደ ታች ይጎትቱት፦

```
=COUNTIFS(Bank!C:C,C2)-COUNTIFS(Orders!D:D,C2)
```

መልሱ 0 ከሆነ ይቀጥሉ። በእሷ ሉህ 3 ሲቀነስ 2፣ 1 መጣ፤ አንድ ትርፍ ክፍያ አለ ማለት ነው። ሴሉ ውስጥ «ብር» የሚል ቃል ካለ ቀመሩ አይቆጥረውም፣ አስቀድመው ያጥፉት።

የተሳኩ ትዕዛዞችን ብቻ መቀበል

ትርፉ ከየት መጣ? አከፋፋዩ የላከው «የተጠናቀቁ» የሚሉትን ብቻ ነበር። የተሰረዙትንና ያልተሳኩትንም ጨምሮ እንዲልክ ስትጠይቀው 1046 የሚባል ትዕዛዝ ብቅ አለ፤ ከ1047 ጥቂት ደቂቃ ቀድሞ የተላከ፣ ሁኔታው ያልተሳካ። ኔትወርክ ሲቆረጥ ብሩ ከሂሳቧ ወጥቷል፣ ማረጋገጫው ግን አከፋፋዩ ጋ አልደረሰም። እሷም አልተላከም ብላ ደግማ አዘዘች። ድርብ ክፍያ ከሚመጣባቸው መንገዶች አንዱ ይሄ ነው።

ቀንና ሰዓትን እንዳለ ማመን

ስቴትመንቱ ላይ ያለው 11/02/2025 የካቲት 4 ቀን 2017 ነው። ኤክሴል የአሜሪካን አቀማመጥ ከተከተለ ግን ኖቬምበር 2 ያደርገዋል፣ ትዕዛዙና ክፍያውም በወራት ይራራቃሉ። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ከምሽቱ 3:14 ያዘዘችው በስልኳ 21:14፣ በዓለም አቀፍ ሰዓት በሚመዘግብ ሲስተም ደግሞ 18:14 ሆኖ ይቀመጣል። ሦስት ሰዓት ልዩነት ካዩ ሌላ ትዕዛዝ ነው ብለው አይደምድሙ።

ማጣቀሻ ቁጥሩን መዝለል

በብር መጠን መቁጠር ጥርጣሬ ያመጣል እንጂ የትኛው ትርፍ እንደሆነ አይነግርዎትም። እዚህ ላይ FT ብሎ የሚጀምረውን ቁጥር ይመልከቱ። በእሷ ስቴትመንት ሁለቱ በ`FT25042`፣ ሦስተኛው በ`FT25046` ይጀምራሉ፤ 25 ዓመቱ ሲሆን 042 የፈረንጆቹ ዓመት 42ኛ ቀን ነው፣ ማለትም ፌብሩዋሪ 11። የሁለቱ ቀሪ ፊደላት የተለያዩ ስለነበሩ በእርግጥም ሁለት ዝውውር ነበር። ሙሉ ቁጥሩ አንድ ዓይነት ሆኖ ሁለት ቦታ ቢገኝ ኖሮ ግን ድርብ ክፍያ አይባልም። ምናልባት ከ1 እስከ 15 እና ከ15 እስከ 30 ያሉ ሁለት ስቴትመንቶች ሲቀላቀሉ 15ኛው ቀን ተደግሟል፤ ወይም ሁለተኛው መስመር የአገልግሎት ክፍያው ነው።

ገቢውን ሳያዩ መክሰስ

ስልክ ከማንሳትዎ በፊት የገቢ ዓምዱን እስከ ዛሬ ድረስ ይፈልጉ፤ ብሩ ከቀናት በኋላ ራሱ ተመልሶ ሊሆን ይችላል። ካልተመለሰ አከፋፋዩን የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ 1047 ላይ የተመዘገበው የትኛው FT ቁጥር ነው? በ`FT25042` ከሚጀምሩት ሁለቱ ያልተመዘገበው ትርፉ ነው። አከፋፋዩ ያንን ቁጥር በራሱ የባንክ ሂሳብ ይፈልግ። ገብቶ ካገኘው የሚመልሰው እሱ ነው፤ ካልገባ ደግሞ ያንኑ ቁጥር ይዘው ወደ ባንክዎ ይሂዱ።