ከአንጀት ቀዶ ጥገና በኋላ የማይቆም ውሃማ ተቅማጥ፦ የሐሞት አሲድ ዑደት ሲበጠስ

ይህን የምጽፈው ድሬዳዋና ሐረር ውስጥ ተመላላሽ ታካሚ ለምታዩ ባልደረቦቼ ነው። የሰገራ፣ የኤችአይቪ፣ የስኳርና የታይሮይድ ምርመራ ሠርታችሁ፣ ሜትፎርሚን ይወስድ እንደሆነም ጠይቃችሁ እንደጨረሳችሁ ቆጥሬ ነው የምጀምረው። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ሰገራ ላይ ደም ወይም በፍጥነት የሚወርድ ክብደት ካለ ግን እዚህ አትቆዩ፤ የአንጀት ቲቢን፣ ክሮንስንና ዕጢን ፈልጉ።

ምልክቱ

ተቅማጡ ውሃማ ነው፤ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ቆይቷል። ሰውየው ቁርስ እንደቀመሰ ይይዘዋል፣ ከያዘው ደግሞ ጊዜ አይሰጠውም። ጾሞ ሲውል ይሻለዋል። በረመዳን ቀኑን ሙሉ ደህና ውሎ ካፈጠረና ሳምቡሳውን ከበላ በኋላ የሚሯሯጥ ሰው ካጋጠማችሁ ይህን ምልክት አትለፉት። ካርዱን ስታገላብጡ ሜትሮኒዳዞል፣ ሲፕሮ፣ አልቤንዳዞል፣ እንደገና ሜትሮኒዳዞል ታገኛላችሁ። ሸሚዙን ሲገልጥ ደግሞ ሆዱ ላይ ከላይ ወደ ታች የወረደ የቀዶ ጥገና ጠባሳ አለ።

ያንን ጠባሳ ሳያዩ «አሜባ ነው» ብሎ ማዘዝ በጣም ያናድደኛል። ልብስ ማስገለጥ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ጠባሳውን ያየ ሰው የሚቀጥለው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ ምን ያህል አንጀት ተቆረጠ፣ ከየትኛው ክፍል?

ምክንያቱ

ጉበት የሐሞት አሲድን የሚሠራው ከኮሌስትሮል ነው። የተሠራው በሐሞት ከረጢት ውስጥ ይጠራቀማል፤ ቅባት ያለው ምግብ ትንሹ አንጀት ሲደርስ ከረጢቱ ተጨምቆ ያወጣዋል፣ እሱም ቅባቱን በትኖ ለመፈጨትና ለመመጠጥ ያዘጋጀዋል። ሌሊቱን የተጠራቀመው ቁርስ ላይ ስለሚለቀቅ ነው ጠዋት የሚከፋው።

ሥራውን የጨረሰው አሲድ አይጣልም። አይለም የሚባለው የትንሹ አንጀት የመጨረሻ ክፍል ለዚሁ ብቻ የተዘጋጀ መሳቢያ አለው፤ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነውን መጥጦ በደም ሥር ወደ ጉበት ይመልሰዋል። በሰውነታችን ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚገኘው 3 ግራም ገደማ ብቻ ነው። በቀን 6 ጊዜ ያህል ስለሚዞር ግን የ18 ግራም ሥራ ይሠራል። በሰገራ የሚወጣው ግማሽ ግራም ገደማ ነው፤ ጉበትም በየቀኑ አዲስ የሚሠራው ያቺን የወጣችውን ያህል ብቻ ነው።

ጉበት ይህን መጠን የሚያውቀው አይለም ስለሚነግረው ነው። አይለም አሲዱን ሲመጥ ኤፍጂኤፍ 19 የሚባል ሆርሞን ወደ ጉበት ይልካል፤ ሆርሞኑ ምርቱን ይገታል። አይለም ሲቆረጥ ታዲያ መሳቢያውም መልእክቱም አብረው ይቀንሳሉ። ጉበት የጎደለውን ለመሙላት ምርቱን በብዙ እጥፍ ያሳድጋል፣ የጨመረውም ተመልሶ አይመጣም፣ ወደ ትልቁ አንጀት ይፈስሳል። እዚያ ሲደርስ ግድግዳው ጨውና ውሃ እንዲያፈልቅ ያደርገዋል፣ እንቅስቃሴውንም ያጣድፈዋል። ተቅማጡ ይኸው ነው። ጀርም የለበትም፣ ስለዚህ ጀርም ገዳዩ መድኃኒት የሚያገኘው ነገር የለም።

እኛ አገር ይህ የአንጀት ክፍል ከሚቆረጥባቸው ምክንያቶች ሁለቱን ልጥቀስ። የታይፎይድ ሕመም አንጀት ሲበሳ በአብዛኛው የሚበሳው አይለምን ነው፤ የአንጀት ቲቢም መቀመጫው እዚያው ከትልቁ አንጀት ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው።

ደጋግሜ የማየው፦ ከ1 ሜትር በታች የተቆረጠበት

ከሳቢያን ከዚራ የሚመላለስ አንድ የባጃጅ አሽከርካሪ ነበር፤ ዕድሜው በሠላሳዎቹ መጀመሪያ። ከ4 ዓመት በፊት ታይፎይድ አንጀቱን በስቶት በድንገተኛ ቀዶ ጥገና ተርፏል። «ዶክተር፣ ባጃጁን አቁሜ ሽንት ቤት ፍለጋ ስሮጥ ተሳፋሪ ጥሎኝ ይሄዳል» አለኝ። ጠዋት ፈጢራ ከበላ ሥራ አይገባም። ጫት በቃመ ቀን የሚሻለው ይመስለዋል፤ ጫት ሆድ ስለሚያደርቅ እውነት ነው፣ ግን ምልክቱን ይሸፍናል እንጂ ምክንያቱን አይነካም። ታሪክ ስትጠይቁ ስለ ጫት መጠየቅ እንዳትረሱ፤ ጠያቂው ሳይጠይቀው ታካሚው አይናገርም።

በቀን ከ6 እስከ 8 ጊዜ ይቀመጣል። ክብደቱ አልወረደም፣ ሰገራው ቅባት የለውም። ከሆስፒታል ሲወጣ የተሰጠውን ወረቀት ከቤቱ እንዲያመጣ ላክሁት፤ 60 ሴንቲ ሜትር አይለም ተቆርጧል ይላል። ይህ ወረቀት ከማንኛውም የላቦራቶሪ ውጤት ይበልጣል። ታካሚዎች ሆይ፣ እባካችሁ አትጣሉት፣ ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት። ቀዶ ሐኪሞችም «የተወሰነ አንጀት ተቆርጧል» ብላችሁ አትጻፉ፤ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደቆረጣችሁ፣ ስንት እንደቀረ፣ የትንሹና የትልቁ አንጀት መገናኛ ይኑር አይኑር ጻፉ።

በሌላው ዓለም ሴህካት የሚባል ምርመራ አለ። ታካሚው ጥቂት ጨረር ያለው ሰው ሠራሽ የሐሞት አሲድ ይውጣል፣ በ7ኛው ቀን ምን ያህሉ ሰውነቱ ውስጥ እንደቀረ ይለካል፤ ከ15 በመቶ በታች ከሆነ አሲዱ እየባከነ ነው። እኔ የምሠራው ግን መድኃኒቱን ሰጥቶ በማየት ነው፤ ታሪኩ እንዲህ ግልጽ ሲሆን ይህ በቂ ነው።

መድኃኒቱ ኮሌስታይራሚን ነው። ከአንጀት ወደ ደም አይገባም፤ የሐሞት አሲዱን እዚያው አንጀት ውስጥ ይዞ በሰገራ ይወጣል። ለአሽከርካሪው 4 ግራም የያዘውን አንድ ከረጢት ዱቄት ከቁርስ ጋር እንዲጀምር ነገርኩት። በ3ኛው ቀን ወደ 3 ጊዜ ወረደ። ከምሳ ጋር ሁለተኛ ከረጢት ስንጨምር ሰገራው ቅርጽ ያዘ፣ በቀን 1 ወይም 2 ጊዜ ሆነ። ከዚያ ለአንድ ሳምንት አስቆምኩት፤ ተቅማጡ ተመለሰ። እንደገና ጀመረ፣ ቆመ። በአጋጣሚ ተሽሎት እንዳልሆነ የማረጋግጠው በዚህ ነው፤ ዕድሜ ልክ ሊወሰድ የሚችል መድኃኒት ያለዚህ ማረጋገጫ መጻፍ ልክ አይመስለኝም።

አወሳሰዱ ላይ ብዙ ስህተት አያለሁ። ዱቄቱ በደረቁ አይቃምም፤ ጉሮሮ ላይ ይጣበቃል። በውሃ ወይም በማንጎ ጭማቂ በደንብ በጥብጡት። ጣዕሙ አሸዋ አሸዋ ይላል፣ ይህን አስቀድማችሁ ካልነገራችኋቸው በ2ኛው ቀን ይተውታል። ሆድ ከነፋ ወይም ከደረቀ መጠኑን ቀንሱ፣ አታቁሙ። መጠን ስትጨምሩ በየጥቂት ቀኑ አንድ ከረጢት ብቻ። ከሁሉም በላይ ግን ይህ ዱቄት የሐሞት አሲድን ብቻ መርጦ አይዝም። የታይሮይድ ሆርሞን፣ ዋርፋሪን፣ ዲጎክሲን፣ የእርግዝና መከላከያ እንክብል፣ ሁሉንም ይይዛል። ሌላው መድኃኒት ኮሌስታይራሚን ከመወሰዱ ከ1 ሰዓት በፊት፣ አለዚያም ከ4 እስከ 6 ሰዓት በኋላ ይወሰድ። የእርግዝና መከላከያ ለምትወስድ ሴት ይህን ሳይናገሩ ኮሌስታይራሚን ማዘዝ ይቅር የማይባል ቸልተኝነት ነው።

ኮሌስታይራሚን ካልተገኘ ሎፔራሚድ 2 ሚሊ ግራም ከምግብ በፊት ስጡ፤ አሲዱን አያነሳም፣ ሩጫውን ግን ያዘገያል። ቅባቱንም ቀንሱ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 14 ግራም ገደማ ቅባት ነው፤ በዘይት የተጠበሰ ፈጢራ ለዚህ ሰው የጠዋት ምግብ አይደለም።

ተመሳሳይ መስሎ ተቃራኒ የሆነው፦ ከ1 ሜትር በላይ የተቆረጠበት

ከጀጎል የመጡ አንዲት እናት አንጀታቸው ተጠማዞ ብዙ ክፍሉ ተቆርጦ ነበር። አንድ ክሊኒክ ኮሌስታይራሚን አዞላቸው ባሰባቸው። «የኔ ልጅ፣ ዱቄቱን ከጀመርኩ ወዲህ ልብሴ ሁሉ ሰፋኝ» አሉኝ። ሰገራቸው የገረጣ፣ የሚያብለጨልጭ፣ በውሃ የማይጠራ ነበር።

ከ1 ሜትር በላይ ሲቆረጥ ብክነቱ ከጉበት አቅም በላይ ይሆናል። ምርቱ ቢጨምርም ስለማይደርስበት የአሲዱ ክምችት ራሱ ይመናመናል፤ ቅባት የሚበትን ነገር ስለሚጠፋም ቅባቱ ሳይመጠጥ ይወጣል። እንዲህ ላለ ሰው ኮሌስታይራሚን መስጠት የቀረችውን ጥቂት አሲድም መንጠቅ ነው። አቆምነው፣ ቅባቱን ቀነስን፣ ሎፔራሚድና በቅባት የሚሟሙትን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ ቫይታሚኖች ጀመርን። ክብደታቸው ቀስ እያለ ተመለሰ።

እንዲህ ያለ ታካሚ ኩላሊቱም ይጠበቅ። ያልተመጠጠው ቅባት ካልሲየሙን ይይዘዋል፤ ካልሲየም ያጣው ኦክሳሌት ወደ ደም ይገባና ኩላሊት ላይ ጠጠር ይሠራል። በድሬዳዋ ሙቀት ውሃ ካነሰ ይብስበታል። ስለዚህ ውሃ በብዛት ይጠጣ፣ ወፍራም ሻይና የባቢሌ ኦቾሎኒ ይቀንስ፤ ሁለቱም ኦክሳሌት አላቸው፣ ኦቾሎኒው ቅባትም አለው።

አልፎ አልፎ የሚገጥሙ

የሐሞት ከረጢት ከወጣ በኋላ የሚጀምር ተቅማጥ፦ አሲዱ የሚጠራቀምበት ስለሌለ ነው፤ ኮሌስታይራሚን ይሞከር። ጠባሳም ሌላ በሽታም የሌለው፣ «የአንጀት መቆጣት» ተብሎ የተተወ ሰው፦ አንዳንዶቹ ኤፍጂኤፍ 19 የሚያንሳቸው ናቸው፤ እነሱም ለዚሁ መድኃኒት ይመልሳሉ።

ተቅማጡ ቆሞም የሚቀር

ቫይታሚን ቢ12 የሚመጠጠው በዚያው በተቆረጠው ክፍል ነው። ጉበት ውስጥ ያለው ክምችት ዓመታት ስለሚያቆይ ጉድለቱ ዘግይቶ ይመጣል፣ ሰውም ከቀዶ ጥገናው ጋር አያገናኘውም። አሽከርካሪው ከተሻለው በኋላ ነው እግሩ እንደሚደነዝዘው የነገረኝ፤ ደሙ ሲታይ የቀይ ሕዋሶቹ መጠን ተልቆ ተገኘ። 60 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ አይለም የተቆረጠበትን ሰው ምልክት አትጠብቁበት፤ ቢ12ቱን ለኩ፣ መለካት ካልተቻለ 1000 ማይክሮ ግራም መርፌ በየወሩ ጀምሩ። ፎሊክ አሲድ ብቻ አትስጡ። ደም ማነሱን ያስተካክለዋል፣ የነርቩ ጉዳት ግን ከሥር ይቀጥላል።