በር እንዳይወርድና በደንብ እንዲዘጋ እንዴት ይገጠማል?

በር ሲወርድ ብዙ ሰው የሚያየው የታችኛውን ጥግ ነው። ወለሉን ይፍቃል፣ ስለዚህ ከታች ይላጋል። ጥቂት ወራት ቆይቶ እንደገና ይፍቃል፣ እንደገና ይላጋል። በመጨረሻ ከታች ድመት የምታልፍበት ክፍተት ይቀራል፣ በሩ ግን አሁንም አይዘጋም። ምክንያቱም ጣጣው ያለው ታች ሳይሆን ላይ ነው፤ የላይኛው ማጠፊያ ዘንድ።

አንድ ተራ የእንጨት በር እንውሰድ። መዝጊያው 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 2 ሜትር ቁመት፣ 30 ኪሎ ክብደት አለው እንበል። የተያዘው በአንድ ጎኑ ብቻ ስለሆነ ነፃው ጎኑ ሁልጊዜ ወደ ታች ማዘንበል ይፈልጋል። በዚህ የተነሳ የላይኛውን ማጠፊያ ከፍሬሙ ነቅሎ ለማውጣት ይስባል፣ የታችኛውን ደግሞ ወደ ፍሬሙ ይገፋል። በላይኛውና በታችኛው ማጠፊያ መካከል 1 ሜትር ተኩል ካለ፣ ስበቱ 8 ኪሎ ገደማ ነው። ማጠፊያዎቹን አቀራርበን በ1 ሜትር ርቀት ብንገጥማቸው ያው በር 12 ኪሎ ይስባል። ይህ ስበት ሌትም ቀንም አያርፍም። ልጆች እጀታው ላይ ሲንጠለጠሉ ደግሞ ያድጋል። ለዚህ ነው ማጠፊያዎች በተቻለ መጠን መራራቅ ያለባቸው፣ የላይኛው ብሎኖችም ከሁሉም በላይ መጥበቅ ያለባቸው።

መጀመሪያ ፍሬሙ

ፍሬሙ ከተጣመመ መዝጊያውን ማንም ባለሙያ አያስተካክለውም። ዋናው ነገር ማጠፊያ የሚገባበት ቋሚ ነው። ቱንቢ ወይም ረጅም ውሃ ልክ ይዘው በሁለት አቅጣጫ ይፈትሹት፤ አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከጎን። ብዙ ሰው አንዱን ብቻ አይቶ ያልፋል። የቋሚው አናት በሩ ወደሚከፈትበት ክፍል ካዘነበለ በሩ ብቻውን ይከፈታል። ወደ ተቃራኒው ካዘነበለ ብቻውን ይዘጋል። ያኔ ሰው ማጠፊያውን ይወቅሳል፣ ማጠፊያው ግን ጥፋት የለበትም።

የማጠፊያው ቋሚ ቀጥ ካለ በኋላ በሽብልቅ አጥብቀው ይያዙት። ሽብልቆቹን ማጠፊያ በሚገባባቸው ቦታዎች ጀርባ ማድረግ ይሻላል፤ ከኋላው ባዶ የሆነ ቋሚ ብሎን ሲጠብቅ ይጎብጣል። ከዚያ ሌላኛውን ቋሚ ከእሱ እየለኩ ያቁሙ። ከጥግ ወደ ጥግ ሁለቱን ሰያፍ ልኬቶች ይውሰዱ። እኩል ከሆኑ፣ ወይም ልዩነታቸው ከ2 ሚሊ ሜትር ካልበለጠ፣ ማዕዘኑ ልክ ነው።

አንድ የሚረሳ ፍተሻ አለ። ሁለት ክር ከጥግ ወደ ጥግ አቋርጠው ይወጥሩ። መሃል ላይ ክሮቹ በስሱ መነካካት አለባቸው። ከተራራቁ ወይም አንዱ ሌላውን ከገፋ ሁለቱ ቋሚዎች በአንድ ገጽ ላይ አይደሉም ማለት ነው። እንዲህ ያለ ፍሬም ላይ በሩ ሲዘጋ ላዩ ገጥሞ ታቹ ክፍት ይቀራል። ቀጥ ያለ መዝጊያ «ተጣሟል» የሚባለውም ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

የብረት ፍሬም ከሆነ አንድ ተጨማሪ አደጋ አለ። ከኋላው ሲሚንቶ ሲሞላ የቋሚዎቹ ወገብ ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ከመሙላትዎ በፊት ልክ በፍሬሙ ስፋት የተቆረጠ እንጨት ከታች፣ ከመሃልና ከላይ ወጥረው ያስገቡ። ሲሚንቶው ሳይደርቅ እንጨቱን አይንቀሉት። አንዴ ጎብጦ የደረቀ ፍሬም የሚስተካከለው ግድግዳ በማፍረስ ነው።

የመዝጊያው ልክ

የፍሬሙን የውስጥ ስፋት ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ይለኩ። ለምሳሌ 80.5፣ 80.3 እና 80.6 ሳንቲ ሜትር ቢመጣ፣ የሚሠራው ትንሹ ነው፣ 80.3። ከዚያ ላይ ለማጠፊያ በኩል 2 ሚሊ ሜትር፣ ለቁልፍ በኩል 3 ሚሊ ሜትር ይቀንሱ። መዝጊያው 79.8 ይሆናል። ከላይም 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይበቃል።

ከታች ሲለኩ ወለሉን በሩ ስር ብቻ አይዩት። መዝጊያው ተከፍቶ እስከሚያርፍበት ድረስ ያለውን ሁሉ ይዩ። ወለል አንዳንዴ ወደ ውስጥ ከፍ ይላል። ከፍተኛውን ቦታ ይያዙና ከዚያ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ይተዉ። ምንጣፍ ካለ የምንጣፉን ውፍረት ይጨምሩበት።

የቁልፍ በኩል ጠርዝ ትንሽ ዘንበል ተደርጎ መላግ አለበት። በር ሲዘጋ ቀጥ ብሎ አይገባም፤ እየዞረ ነው የሚገባው። በሩ ከሚከፈትበት ፊት በተቃራኒ ያለው ጠርዝ ቀድሞ ቋሚውን ይነካል። 4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ላለው መዝጊያ በዚያ በኩል 2 ሚሊ ሜትር ያህል መላግ ይበቃዋል።

ማጠፊያዎቹ

የላይኛው ማጠፊያ አናቱ ከመዝጊያው ጫፍ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ የታችኛው ደግሞ እግሩ ከታች 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይግባ። ሦስተኛው የት ይሁን? መዝጊያው እንዳይጎብጥ ከተፈለገ መሃል ላይ። በሩ ከባድ ከሆነ ግን ወደ ላይኛው ቢጠጋ እመርጣለሁ፤ ስበቱ ያለው እዚያ ነውና።

ውስጡ ባዶ የሆነ ቀላል በር ከሆነ ጠርዙ ላይ ያለው ድፍን እንጨት ምን ያህል እንደሚገባ ማወቅ ያስፈልጋል። ብሎኑ ከዚያ እንጨት ካለፈ የያዘው ነገር የለም።

ማጠፊያውን በቦታው አስቀምጠው ዙሪያውን በስለት ያስምሩ፣ ከዚያ በመሮ ይቦርቡሩ። ጥልቀቱ ከማጠፊያው ቅጠል ውፍረት ጋር እኩል ይሁን፣ ጣት ሲያስኬዱበት ከእንጨቱ ጋር የተካከለ። በጣም ከጠለቀ በሩ ሊዘጋ ሲል ማጠፊያ በኩል እንጨት ከእንጨት ጋር ይጋጭና መልሶ ይገፋል። ይህን በእጅዎ ይለዩታል። በሩ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው እንደ ሞላ መልሶ ይገፋል፤ ሲለቁት ወደ ኋላ ይመለሳል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ብሎኖቹን ፈትተው ከማጠፊያው ቅጠል ስር ስስ ካርቶን ያስገቡ። ጭንቅላቱ ወጣ ብሎ የቀረ ብሎንም ይህንኑ ያደርጋል፤ መጀመሪያ እሱን ይዩ።

አሁን ብሎኖቹ። ብዙ በር የሚወርደው እዚህ ላይ ነው። ብሎን በመዶሻ እስከ አንገቱ ተመትቶ መጨረሻ ላይ ብቻ በካቻቢቴ ሲዞር አይተው ይሆናል። ጥርሱ እንጨቱን በልቶ መግባት ሲገባው ቀዶት ይገባል። ያን ቀን የጠበቀ ይመስላል፣ በኋላ ግን በሩ ሲስበው ይላላል። ይልቅስ በድሪል ቀድመው ይብሱ። ለ4 ሚሊ ሜትር ብሎን የ2.5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይበቃል፤ እንጨቱ ጠንካራ ከሆነ ወደ 3 ከፍ ያድርጉት። ለላይኛው ማጠፊያ ቢያንስ አንዱን ብሎን 7 ሳንቲ ሜትር ያህል ረጅም ያድርጉት፣ የፍሬሙን እንጨት አልፎ ከኋላው ያለውን ሽብልቅ ወይም ጠንካራ እንጨት እንዲይዝ።

ሁሉንም ብሎን በአንዴ አያስገቡ። መዝጊያውን በሽብልቅ ከፍ አድርገው ያስደግፉና ለእያንዳንዱ ማጠፊያ አንድ አንድ ብሎን ብቻ ይግጠሙ። ከዚያ ይዝጉ፣ ይክፈቱ፣ ክፍተቱን ይመልከቱ። ልክ ከሆነ ቀሪዎቹን ይጨርሱ።

ፍሬሙ ብረት ከሆነ

በብረት ፍሬም ላይ ማጠፊያ አብዛኛውን ጊዜ ይበየዳል። ሦስቱም ማጠፊያዎች መሃላቸው በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ መሆን አለበት። አንዱ 2 ሚሊ ሜትር ወደ ጎን ካፈነገጠ በሩ ሲዞር ይታገላል፣ ይጮኻል፣ ፒኑንም ቶሎ ይበላል። ክር ወጥረው ወይም ቀጥ ያለ ብረት አስጠግተው ያሰልፏቸው። መጀመሪያ በነጥብ ብየዳ ብቻ ይያዙና መዝጊያውን ያወዛውዙ። በሁለት ጣት ሲገፉት ከዞረ ብየዳውን ይሙሉ። አንዱን ማጠፊያ ሙሉ በሙሉ ጨርሰው ወደ ሌላው አይሂዱ። አጠር አጠር እያደረጉ እያፈራረቁ ይበይዱ፣ ሙቀቱ ቋሚውን ይስባልና።

ግማሹ ተነሥቶ የሚወጣ ፒን ያለው ማጠፊያ ከሆነ ፒኖቹ ሁሉ ወደ ላይ ይሁኑ፣ ክብደቱንም እኩል ይካፈሉ። አንዱ ላይ ብቻ ከተቀመጠ ሌሎቹ ላይ ቀለበት ጨምረው ያመጣጥኑ።

ክፍተቱን ማንበብ

በሩ ተዘግቶ ዙሪያውን ይዩ። የላይኛው ክፍተት ወደ ቁልፍ በኩል እየሰፋ ከሄደ፣ ማጠፊያ በኩል ያለውም ከላይ ሰፊ ከታች ጠባብ ከሆነ፣ የላይኛው ማጠፊያ ተስቧል። ምሳሌያችን ላይ ያለው በር 4 ሚሊ ሜትር ከተሳበ ነፃው ጎን 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይወርዳል፣ የላይኛው ጥግም ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ወደ ቁልፍ በኩል ቋሚ ይጠጋል። ስለዚህ ቀድሞ የሚፋቀው ብዙ ጊዜ ይህ የላይኛው ጥግ ነው። መላግ አይጀምሩ። ብሎኖቹን ያጥብቁ። ቀዳዳው ከሰፋ ኮላ የተቀባ ክብ እንጨት ሞልተው ያድርቁና እንደገና ይብሱ።

ማጠፊያው ጠብቆም በሩ ከወረደ መዝጊያውን ይፈትሹ። ሰያፍ ልኬቶቹ ካልተካከሉ የራሱ መጋጠሚያዎች ተላቀዋል። በተለይ ከጣውላ የተሠራና ሰያፍ እንጨት ያለው በር ከሆነ ያ እንጨት ከታች ከማጠፊያ በኩል ተነሥቶ ወደ ላይ ወደ ቁልፍ በኩል መውጣት አለበት። ያኔ የነፃውን ጎን ክብደት ከታች ሆኖ ይደግፋል። ተገልብጦ ከተመታ የሚይዘው ሚስማሩ ብቻ ነው፤ ሚስማር ደግሞ ይላላል።

የቁልፉ ምላስ የሚገባበት ቀዳዳ የሚበሳው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የምላሱን ጫፍ ጠመኔ ይቀቡት፣ በሩን ዘግተው ምላሱን ይልቀቁት። ቋሚው ላይ ምልክት በሚተውበት ቦታ ይቦርቡሩ፣ ከታች በኩል 1 ሚሊ ሜትር ትርፍ ጨምረው።