አልፋ 0.9 «ምርጥ» ሆኖ ሲወጣ፦ በእጅ የሚሠራ ኤክስፖኔንሻል ስሙዚንግ ችግርና መፍትሄ

ቀመሩን የምታውቁት ነው፤ ለማስታወስ ያህል ግን እነሆ።

```
F(t+1) = F(t) + α × (A(t) − F(t))
```

A በሳምንቱ በእርግጥ የታየው መጠን፣ F ለዚያ ሳምንት የተተነበየው፣ α ደግሞ በ0 እና በ1 መካከል ያለው የማለስለሻ ቁጥር ነው።

ምልክት፦ አልፋ ከፍ ባለ ቁጥር ስህተቱ እየቀነሰ ይሄዳል፤ 0.9 ከሁሉም የተሻለ ይመስላል።

ለምርመራ ከሚመጡልኝ ሠንጠረዦች አብዛኞቹ የታመሙት በዚህ ነው። ሒሳቡ ንጹሕ፣ ማባዛቱ ትክክል ነው፤ የተሳሳተው ቦታው ነው። አዲሱ ትንበያ በሚቀጥለው ሳምንት ረድፍ መጻፍ ሲገባው፣ ገና አሁን ካለፈው ሳምንት ጎን ይጻፋል። ከዚያ ስህተት ተብሎ የሚለካው የዚያው ሳምንት ሽያጭ አስቀድሞ ከገባበት ቁጥር ጋር ነው። መልሱን አይቶ መተንበይ ማለት ይህ ነው።

የአንድ ዳቦ ቤት የዱቄት ፍጆታ በስድስት ሳምንት 50፣ 54፣ 47፣ 52፣ 46፣ 51 ከረጢት ነበር እንበል። የሁለተኛው ሳምንት ትንበያ 50 ይሁን። በአልፋ 0.2 ስንሠራ፣ በሁለተኛው ሳምንት 4 ከረጢት ስተናል፤ የ4 አንድ አምስተኛ 0.8 ስለሆነ የሦስተኛው ሳምንት ትንበያ 50.8 ይሆናል። በሦስተኛው ሳምንት የታየው 47 ነው፤ ስለዚህ በ3.8 ተሳስተናል። በዚሁ መንገድ ስንቀጥል ትንበያዎቹ 50.0፣ 50.4 እና 49.5 ይሆናሉ፤ ለሰባተኛው ሳምንት 49.8፣ ማለትም 50 ከረጢት ይዘዛል። የፕላስና የማይነስ ምልክታቸውን ትተን የአምስቱን ስህተቶች አማካይ ስንወስድ 3.1 ነው። በአልፋ 0.8 ስንደግመው አማካዩ 4.6 ይደርሳል። ሳምንቱ ወጣ ገባ ቢልም መሠረቱ 50 አካባቢ ስለቆመ፣ እያንዳንዱን ንቅናቄ የሚከተለው ትልቁ አልፋ ይሸነፋል።

አሁን ትንበያውን አንድ ረድፍ ወደ ላይ አንሥታችሁ ጻፉት። እያንዳንዱ ስህተት በ(1 − α) ይባዛል፦ 3.1 ወደ 2.5 ይወርዳል፣ 4.6 ግን ወደ 0.9! ፍርዱ ተገለበጠ።

አንድ የግምጃ ቤት ኃላፊ ደብተራቸውን ይዘው መጥተው ነበር። በዚህ ስህተት 0.9 መርጠው ለወራት አዝዘውበታል። ዱቄት ብዙ ካለቀበት ሳምንት በኋላ ብዙ ያስመጣሉ፣ ይተርፋል፤ ጥቂት ካለቀበት በኋላ ያሳንሳሉ፣ ይጎድላል። ደብተሩ ግን ስህተቱ ከአንድ ከረጢት በታች ነው ይላል። ያንን ቁጥር ከመጋዘኑ ጋር ሳያስተያዩ ያጸደቁ አለቆች አሁንም ያናድዱኛል።

መመርመሪያው ቀላል ነው፦ አልፋን 1 አድርጉ። ትክክለኛው ሠንጠረዥ ያለፈውን ሳምንት ሽያጭ እንዳለ ይደግማል፤ በእኛ ምሳሌ ስህተቶቹ 4፣ 7፣ 5፣ 6፣ 5፣ አማካያቸው 5.4 ይሆናል። የእናንተ ዜሮ ካወጣ ረድፉ ተዛንፏል። መፍትሄውም፦ የሽያጩን ዓምድ በወረቀት ሸፍኑ፤ የሳምንቱን ትንበያ በራሱ ረድፍ ጻፉ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ሽያጩን ግለጡ። አልፋን በ0.1፣ 0.2፣ 0.3 እና 0.5 ሞክራችሁ አማካይ ስህተቱ ያነሰውን ያዙ። ልዩነቱ የአንድ ከረጢት ክፍልፋይ ከሆነ ትንሹን አልፋ ምረጡ።

ምልክት፦ ትንበያው ወደ መጀመሪያው ሳምንት ቁጥር ይጎተታል።

በአልፋ 0.2 ከአምስት እርማት በኋላም የመነሻው ቁጥር 0.8⁵፣ ማለትም ሲሶ ያህል ክብደት ይዞ ይቆያል። የመጀመሪያው ሳምንት እንግዳ ከነበረ ሁሉንም ያበላሻል። የመጀመሪያዎቹን አራት ወይም አምስት ሳምንታት አማካይ መነሻ አድርጉ፤ እነዚያን ሳምንታት ግን በስህተት ቆጠራው ውስጥ አታስገቡ። አልፋንም በስድስት ሳምንት መረጃ አትወስኑ! እዚህ ስድስት የወሰድኩት ስሌቱ እንዲታይ ብቻ ነው።

ምልክት፦ ስህተቶቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ናቸው፤ ትንበያው ሁልጊዜ ያንሳል።

ሽያጩ በየሳምንቱ እያደገ ነው። ጭማሪው 2 ከረጢት፣ አልፋ 0.2 ከሆነ፣ ትንበያው ውሎ አድሮ 2 ÷ 0.2 = 10 ከረጢት ወደ ኋላ ቀርቶ ይኖራል። አልፋን ማሳደግ መዘግየቱን ያሳጥራል፣ ግን ወጣ ገባውን ሁሉ ይጋብዛል። እድገትን ለብቻው የሚያለሰልሰውን የሆልት ዘዴ ተጠቀሙ።

ምልክት፦ የእጁና የኤክሴል ውጤት አይገጥሙም።

በኤክሴል `Damping factor` የሚለው ሳጥን የሚጠይቀው 1 − α ነው፤ አልፋችሁ 0.2 ከሆነ 0.8 ጻፉ።

ምልክት፦ ከፋሲካ በኋላ ትንበያው ተሰቅሎ ይቀራል።

የበዓሉን ሳምንት ሽያጭ በቀመሩ ውስጥ አታስገቡ፤ በቦታው የዚያኑ ሳምንት ትንበያ ተክታችሁ ቀጥሉ።