በባዕድ ከተማ የጾም ምግብ እንዴት ይገኛል?

ጅማ ውስጥ ዓርብ ቀን ምሳ ሊበላ የገባን ሰው አስተናጋጇ «የጾም ነው የፍስክ?» ብላ ትጠይቀዋለች፤ «የጾም» ካለ በኋላ ስለ ዘይቱም ስለ ወጡም የሚጨነቅበት ምክንያት የለም። ከዚሁ ከጅማ ለትምህርት ቤልጅየም ወደምትገኘው ሌቨን በሄድኩ ጊዜ ግን ይህን ጥያቄ የሚጠይቀኝ ሰው ስላልነበረ፣ እያንዳንዱን ዕቃ እኔው መጠየቅ ነበረብኝ። ከዚህ በታች የምጽፈው እንዲህ ባለ ከተማ የኦርቶዶክስ ጾመኛ ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤና ከእንቁላል የጸዳ ምግብ እንዴት እንደሚያገኝ ነው።

በመጀመሪያ የማሸጊያውን ጽሑፍ ማንበብ ይልመዱ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የታሸገ ምግብ የተሠራበትን ነገር ሁሉ መዘርዘር አለበት፤ አለርጂ የሚያስነሱ ተብለው የተለዩ 14 ነገሮች ደግሞ በዝርዝሩ ውስጥ በደማቅ ወይም በሌላ ዓይነት ፊደል ጎልተው መጻፋቸው ግዴታ ነው። ወተት፣ እንቁላልና ዓሣ ከእነዚህ መካከል ስለሆኑ የአገሩን ቋንቋ ገና ያልቻለ ሰው እንኳን አምስት ስድስት ቃላት ካወቀ ብዙ ርቀት ይሄዳል። በሌቨን የሚነገረው ደች ወተትን «ሜልክ»፣ ቅቤን «ቦተር»፣ እንቁላልን «ኤይ»፣ አይብን «ካስ» ይላል፤ እነዚህን ከነአጻጻፋቸው በስልክዎ ላይ ይያዙ። ነገር ግን የጎላውን ብቻ አይቶ ማለፍ ያሳስታል፤ የእንስሳ ሞራና ከአሳማ ቆዳ ወይም ከከብት አጥንት የሚሠራው ጄላቲን ከአሥራ አራቱ ውስጥ ስለሌሉ በተራ ፊደል ተጽፈው ሊገኙ ይችላሉ። ስለዚህ ጎልቶ የተጻፈው ካለፈ በኋላም ዝርዝሩን እስከ መጨረሻ ያንብቡ። «ቬጀቴሪያን» የሚለው ምልክትም ለጾም ዋስትና አይሆንም፣ ወተትና እንቁላል ይፈቅዳልና፤ የሚያስተማምነው «ቪጋን» የሚለው ነው። «የወተት ርዝራዥ ሊኖረው ይችላል» የሚለው ማስጠንቀቂያ ግን ለአለርጂ ታማሚዎች የተጻፈ እንጂ ወተት ተጨምሮበታል ማለት አይደለም፤ ሕሊናው የከበደው ሰው የንስሐ አባቱን ይጠይቅ።

ቀጥሎ የሐበሻ ሱቅ ፍለጋውን ትተው የሕንድ ወይም የፓኪስታን ሱቅ ይፈልጉ። ማሱር ዳል የሚባለው የእኛው የምስር ክክ ነው። ቻና ዳል ግን የአተር ክክ መስሎ ብዙ ሰው ያታልላል፤ የሽንብራ ክክ ስለሆነ ቶሎ አይበስልም፣ እንደ አተርም አይፈርስም። በሰን የሚባለው የሽንብራ ዱቄት ደግሞ ከአገር ቤት ያመጡት ሽሮ ሲያልቅ የሚተካ ነው። ከዚያው ሱቅ ናን የተባለውን ቂጣ ሲገዙ ግን ይጠንቀቁ፤ ብዙ ጊዜ እርጎ ወይም ወተት ይገባበታል፣ «ጊ» የሚል ከተጻፈበትም ያው የተነጠረ ቅቤ ነው። በእንጀራ ፈንታ ከዱቄት፣ ከውኃ፣ ከእርሾና ከጨው ብቻ የተጋገረ ዳቦ ይሻላል።

በሰንን እንዳለ ወጥ ለማድረግ የሞከረ ሰው ምሬቱን አይረሳውም፤ እኔም የመጀመሪያውን ድስት ደፍቼዋለሁ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የእኛ ሽሮ ሽንብራው ተቆልቶ ሲፈጭ፣ በሰን ግን ከጥሬው የተፈጨ ነው። ስለዚህ ስድስት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በደረቅ መጥበሻ ላይ በዝግታ እሳት፣ ሳያቋርጡ እያማሰሉ፣ ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ቡኒ እስኪሆንና የቆሎ ሽታ እስኪሸት ድረስ ያምሱት፤ አሥር ደቂቃ ያህል ይወስዳል። አንድ ራስ ሽንኩርት በዘይት አቁላልተው በርበሬና ነጭ ሽንኩርት ይጨምሩ። ዱቄቱን ግማሽ ሊትር በሚሆን ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጠው ይጨምሩበት፤ በፈላ ውኃ ላይ ከነሰነሱት ይጓጉላል። ሃያ ደቂቃ ያህል ከተንተከተከ በኋላ ይቅመሱት፤ የጥሬ ጣዕም ካለው ውኃ ጨምረው እንደገና ያንተክትኩት። ኮረሪማና በሶብላ ከጅማ ይዞ የሄደ ሰው እዚህ ላይ ዋጋውን ያገኛል።

ውጭ ለመብላት የተገደዱ እንደሆነ በጣም የሚያሳስተው የድንች ጥብስ ነው። ቤልጅየም በድንች ጥብሷ የታወቀች ብትሆንም በባህሉ መሠረት የሚጠበሰው በከብት ሞራ ነው፤ በአትክልት ዘይት የሚጠብሱም አሉ፣ ዓይቶ መለየት ግን አይቻልም። እኔ ከአንድ ሱቅ ለሳምንታት ዓርብ ዓርብ እየገዛሁ ከበላሁ በኋላ ነው አንድ ተማሪ የነገረኝ። ስለዚህ «ሥጋ አለበት ወይ?» ብለው አይጠይቁ፤ ሻጩ በቅንነት «የለም» ይልዎታል። «በምን ዘይት ነው የምትጠብሱት?» ብለው ይጠይቁ፣ ከተቻለም ጣሳውን እንዲያሳይዎት ያድርጉ።