በኦንላይን የንግድ ማውጫ ላይ ያገኛችሁትን ድርጅት እንዴት ታጣራላችሁ?

በሰሜን ሸዋዋ መሐል ሜዳ ከተማ ወፍጮ ቤት ሊከፍት የተነሳ ሰው እናስብ። ስልኩ ላይ «የወፍጮ ማሽን ደብረ ብርሃን» ብሎ ሲፈልግ አንድ የንግድ ማውጫ ይከፈትለታል። ማውጫው ድርጅቱን «የወፍጮና የእርሻ ማሽነሪ አስመጪ፣ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር» ይለዋል። አድራሻ አለው። ሁለት ስልክ አለው። አረንጓዴ የማረጋገጫ ምልክትም ተለጥፎበታል። ሲደውል ሻጩ ግማሹን ክፍያ በቅድሚያ ይጠይቀዋል። ሰውየው ብሩን ከመላኩ በፊት ምን ይመርምር?

መጀመሪያ መረጃውን ማን እንደጻፈው ለዩ

ማውጫ ላይ የሚወጣ መረጃ ከሦስት ቦታ ይመጣል። ድርጅቱ ራሱ ሞልቶት ይሆናል። የማውጫው ሠራተኞች ሰብስበውት ይሆናል። ወይም ከሌላ ማውጫ ተገልብጦ ይሆናል። ጎግል ካርታ ላይ «Claim this business» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ፣ ባለቤቱ ገጹን ገና አልተረከበውም ማለት ነው።

አረንጓዴው ምልክት ብዙ ሰው ያሳስታል። በብዙ ማውጫዎች ምልክቱ የሚሰጠው ድርጅቱ በስልክ ወይም በኢሜይል የተላከለትን ኮድ ስላስገባ፣ አለዚያም የአባልነት ክፍያ ስለከፈለ ነው። ንግድ ፈቃዱን ያየለት ሰው አለ ማለት አይደለም። ስለዚህ ምልክቱ በምን እንደሚሰጥ የማውጫው ማብራሪያ ካልነገራችሁ፣ እንዳላያችሁት ቁጠሩት።

መገልበጡን ለማወቅ ደግሞ ቀላል ዘዴ አለ። ከመግለጫው ውስጥ ለየት ያለ ዓረፍተ ነገር፣ በተለይ የፊደል ስህተት ያለበትን፣ ኮፒ አድርጋችሁ በጥቅስ ምልክት ውስጥ ፈልጉት። ያው ስህተት በሦስት ማውጫ ላይ ከተገኘ ሦስት ምስክር አላገኛችሁም። ያገኛችሁት አንድ ምንጭ ነው፣ ሁለቱ ቀድተውታል።

ስልኩን በደንብ አንብቡት

ስልክ ቁጥር የመረጃውን ዕድሜ ይናገራል። የደብረ ብርሃን መደበኛ ስልክ ዛሬ በ011 ጀምሮ በ681 ይቀጥላል፣ በጠቅላላው 10 አኃዝ ነው። በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የአገሪቱ የስልክ ቁጥሮች ከመቀየራቸው በፊት ግን ኮዱ 01 ነበር፣ ከዚያ በኋላ ያለው ቁጥርም ስድስት አኃዝ ብቻ ነበር። ማውጫው ላይ ይህን አሮጌ አጻጻፍ ካያችሁ፣ ያ መስመር ከዚያ ዘመን ወዲህ አልተነካም። ገጹ ግርጌ ላይ የዘንድሮ ዓመት ቢጻፍም አትታለሉ፤ እሱን ሶፍትዌሩ በራሱ ይቀይረዋል።

በተቃራኒው በ07 የሚጀምር ሞባይል የሳፋሪኮም ቁጥር ነው። ሳፋሪኮም አገር አቀፍ አገልግሎቱን የጀመረው በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ስለሆነ፣ ቁጥሩ የገባው በቅርብ ነው።

በምሳሌያችን አንዱ ስልክ አሮጌ ባለ ስድስት አኃዝ ነው፣ ሌላው በ07 ይጀምራል። ይህ አንድ ነገር ይነግረናል። አንድ ሰው በቅርቡ ገብቶ ሞባይል ጨምሯል፣ የቀረውን ግን አልነካም። ያ ሰው ባለቤቱ ሊሆን ይችላል። በሞተ ገጽ ላይ የራሱን ቁጥር የለጠፈ አታላይም ሊሆን ይችላል። አብዛኞቹ ማውጫዎች ማንም «እርማት» እንዲልክ ስለሚፈቅዱ ይህ ከባድ አይደለም። እኔ ከሁሉም በላይ የምሰጋው ይህን ነው፤ ድርጅቱ እውነተኛ ሆኖ ስልኩ የሌላ ሰው ሲሆን።

አድራሻውን ከካርታው ጋር አስተያዩ

ማውጫው ትክክለኛውን ቦታ ካላወቀ የካርታው ምልክት ከተማው መሐል ላይ ያርፋል። አሥር የተለያዩ ድርጅቶች አንድ ነጥብ ላይ ተደራርበው ካያችኋቸው ነጥቡ ምንም አይነግራችሁም።

ለኛ አካባቢ ደግሞ የተለየ ጣጣ አለ። ሰሜን ሸዋ የሚባሉ ዞኖች ሁለት ናቸው። የአማራ ክልሉ መቀመጫ ደብረ ብርሃን ነው፣ የኦሮሚያው ፍቼ ነው። ማውጫዎች ሁለቱን ይደባልቋቸዋል። «ሰሜን ሸዋ» ብቻ ብሎ ከተማ የማይጠቅስ አድራሻ ስታዩ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ፤ የምታጣሩበት የንግድ ጽሕፈት ቤትም በዚያው ይለያያል።

ከዚያ ወደ መንግሥት መዝገብ ሂዱ

ማውጫው ላይ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ማለትም ቲን፣ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ሻጩን የንግድ ፈቃዱን ፎቶ ጠይቁት። ቲን 10 አኃዝ ነው። የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር etrade.gov.et በሚባለው ገጹ ላይ ቲኑን ወይም የፈቃዱን ቁጥር አስገብታችሁ ፈቃዱን ማየት ትችላላችሁ።

ሲከፈት አራት ነገር አስተያዩ፤ ስም፣ የንግድ መስክ፣ ቦታ፣ እድሳት።

ስም ላይ አትቸኩሉ። ግለሰብ ነጋዴ የሚመዘገበው በራሱ ስም ነው፣ ታፔላው ላይ ያለው የንግድ ስም ሌላ ሊሆን ይችላል። ይህ ብቻውን ማጭበርበር አይደለም። ማውጫው «የግል ማኅበር» ብሎ መዝገቡ ግለሰብ ካለ ግን ማብራሪያ ይጠየቅበታል።

መስኩ ከሁሉም ይከብዳል። አንድ ቲን ብዙ ፈቃድ ሊኖረው ይችላል፣ አስመጪነትና ችርቻሮም ለየብቻ ፈቃድ አላቸው። ማውጫ ላይ ግን ማንም «አስመጪ» ብሎ መጻፍ ይችላል።

እድሳትን በወቅቱ መዝኑት። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ እስከ ታኅሣሥ 30 ያለ ቅጣት ይታደሳል። ስለዚህ በጥቅምት ያልታደሰ ፈቃድ የተለመደ ነው። በግንቦት ያልታደሰ ግን ያሳስባል።

ወደ ወፍጮው እንመለስ። መዝገቡ የግለሰብ ስም አወጣ፣ ደብረ ብርሃን፣ የታደሰ፣ መስኩ የመለዋወጫ ችርቻሮ። እንግዲህ ሱቁ አለ። አስመጪነቱና ማኅበርነቱ ግን በመዝገቡ የሉም። ከዚህ ሱቅ ብሎንና ቀበቶ መግዛት ይቻላል። «ማሽኑ ከውጭ እየመጣ ነው» ተብሎ ግማሽ ዋጋ በቅድሚያ መላክ ግን አይገባም።

መዝገቡም ልክ አለው። ፈቃድ መኖሩን ያሳያል እንጂ ማሽኑ መጋዘን ውስጥ መኖሩን አያሳይም። አታላይ የሌላ ሰው እውነተኛ ፈቃድ ፎቶ ሊልክላችሁም ይችላል። ስለዚህ ማውጫው ላይ ባለው ስልክ ብቻ አትመኑ። ደብረ ብርሃን ያለ ዘመድ ወደ ሱቁ ብቅ ብሎ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፈቃድ ያንብብ፣ በዚያው ባለሱቁን «ይህ 07 ቁጥር የእርስዎ ነው ወይ?» ብሎ ይጠይቀው። በባንክ መተግበሪያ ወይም በቴሌብር ስትልኩ ከማረጋገጣችሁ በፊት የሚወጣው የተቀባይ ስም ፈቃዱ ላይ ካለው ስም ጋር ካልገጠመ አቁሙ።

ቲኑ ገጹ ላይ ካልወጣ ሻጩን ወዲያው ሌባ አታድርጉት። የፈቃዱን ቁጥር ይዛችሁ የከተማው ንግድና ገበያ ልማት መሥሪያ ቤት ሂዱና ይህ ፈቃድ በማን ስም፣ በየትኛው መስክ እንደተሰጠ ጠይቁ። ፎቶ ለመላክም ቁጥር ለመንገርም እምቢ ያለ ሻጭ ከሆነ ግን ማጣራቱ እዚያው አልቋል፤ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።