«ትምርት» ተብሎ ሲጻፍ «ትምህርት»ን የማይጠቁም የቃላት አራሚ፦ ችግርና መፍትሄ

የቃላት አራሚ ለመሥራት የሚነሣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በአርትዖት ርቀት ነው። ሐሳቡ አጭር ነው፤ አንዱን ቃል ወደ ሌላው ለመለወጥ ቢያንስ ስንት ፊደል ማስገባት፣ መሰረዝ ወይም መተካት እንደሚያስፈልግ መቁጠር። መለኪያው የሩሲያዊው የሒሳብ ሊቅ የቭላድሚር ሌቨንሽታይን ነው፤ በ1965 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጽሑፍ ስሙን አሰጥቶታል። በሰንጠረዥ የማስላቱ ዘዴ ደግሞ በዋግነርና በፊሸር ስም ይጠራል።

ስልቱ በአማርኛ ቃላት ላይ ሲሞከር ግን የሚመለሱት ጥቆማዎች ግራ ያጋባሉ። ብዙ ሰው ጥፋቱን በስልቱ ያሳብባል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው ስልቱ በሚቆጥረው ነገርና ለእያንዳንዱ ለውጥ በሚጠየቀው ዋጋ ላይ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ምልክቶች የተደረደሩት መፈተሽ በሚገባቸው ቅደም ተከተል ነው።

ምልክት፦ አንድ ፊደል ብቻ የጎደለው ቃል ርቀቱ 3 ይሆናል

ተጠቃሚው «ትምርት» ብሎ ጻፈ። የጎደለው «ህ» ብቻ ነው፤ ፕሮግራሙ ግን ከ«ትምህርት» ያለውን ርቀት 3 ይላል። ለጥቆማ የተፈቀደው የርቀት ጣሪያ 2 ከሆነ ትክክለኛው ቃል ጭራሽ አይጠቆምም።

ምክንያቱ ፕሮግራሙ ፊደል ሳይሆን ባይት መቁጠሩ ነው። በUTF-8 እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ ስለዚህ የአንድ ፊደል መጉደል ሦስት ስረዛ ሆኖ ይቆጠራል። የሚያሳስተው ደግሞ ስህተቱ ወጥ አለመሆኑ ነው። «ሰ» በ«ሱ» ሲተካ የሚለወጠው የመጨረሻው ባይት ብቻ ስለሆነ ርቀቱ 1 ይሆናል፤ «ሰ» በ«በ» ሲተካ ግን ሁለት ባይቶች ይለወጣሉና 2 ይሆናል። ጥቂት ቃላትን ብቻ የሞከረ ሰው ነገሩ የሚሠራ ሊመስለው ይችላል።

ለማረጋገጥ የ«ሰላም»ን ርዝመት ያትሙ። መልሱ 3 ከሆነ የሚቆጠረው ፊደል ነው፤ 9 ከሆነ ባይት ነው። የፒኤችፒ `strlen` እና `levenshtein` የሚቆጥሩት ባይት ነው። የጎ ቋንቋ `len`ም እንዲሁ ነው፤ እዚያ ቃሉን አስቀድሞ ወደ `[]rune` መለወጥ ያስፈልጋል። የፓይተን `len` በ`str` ላይ ፊደል ይቆጥራል፤ ከፋይል የተነበበው `bytes` ሆኖ ከቀረ ግን ያው ችግር ይመለሳል።

ምልክት፦ የተለያዩ ቃላት ርቀታቸው 0 ይሆናል

«ሀገር» ከ«ገር» ጋር ሲወዳደር 0 ከወጣ ችግሩ የሰንጠረዡ ጠርዝ ነው። የመጀመሪያው ረድፍና የመጀመሪያው ዓምድ በ0፣ 1፣ 2፣ 3 መሞላት ሲገባቸው ሁሉም 0 ሆነው ቀርተዋል። በዚህ ጊዜ ከቃሉ መጀመሪያ ፊደል መዝለል በነጻ ይሆናል። ትክክለኛው ሰንጠረዥ ይህን ይመስላል፦

```
        ት  ም  ህ  ር  ት
     0  1  2  3  4  5
ት    1  0  1  2  3  4
ም    2  1  0  1  2  3
ር    3  2  1  1  1  2
ት    4  3  2  2  2  1
```

እያንዳንዱ ሕዋስ ከሦስት ጎረቤቶቹ ትንሹን ይወስዳል፦ ከላይ ያለው ሲደመር 1፣ ከግራ ያለው ሲደመር 1፣ በሰያፍ ያለው ሲደመር የመተካት ዋጋ። ፊደሎቹ አንድ ከሆኑ የመተካት ዋጋው 0 ነው፤ ከተለያዩ 1 ነው። በ«ር» ረድፍ ከ«ር» ዓምድ ሥር ያለውን 1 ይመልከቱ፤ የመጣው «ትም» ከ«ትምህ» ካለው ርቀት፣ ማለትም በሰያፍ ካለው 1 ነው፤ «ር» ከ«ር» ጋር ስለገጠመ ምንም አልተጨመረበትም። መልሱ ከታች በቀኝ ያለው 1 ነው። በኮድ ሲጻፍ ሁለት ረድፍ ብቻ ማስታወስ ይበቃል፤ የመተካት ዋጋውን የሚመልሰው `cost` ከታች ይመጣል፦

```python
def dist(a, b):
    prev = list(range(len(b) + 1))
    for i, x in enumerate(a, 1):
        cur = [i]
        for j, y in enumerate(b, 1):
            cur.append(min(prev[j] + 1,
                           cur[j-1] + 1,
                           prev[j-1] + cost(x, y)))
        prev = cur
    return prev[-1]
```

ጠርዙን ለመፈተሽ ማንኛውንም ቃል ከባዶ ጋር ያወዳድሩ፤ `dist("ሀገር", "")` 3 መሆን አለበት።

ምልክት፦ ትክክለኛው ቃል ከማይዛመዱ ቃላት ኋላ ይመጣል

አማርኛ ከሌሎች ቋንቋዎች በእጅጉ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ተጠቃሚው «መፅሀፍ» ብሎ ጻፈ፤ በመዝገበ ቃላቱ ያለው «መጽሐፍ» ነው። ሁለት ፊደላት ስለተለያዩ ርቀቱ 2 ነው። ነገር ግን መቅዘፍ፣ መትረፍ፣ መዝለፍ፣ መጥለፍ እና መጻፍም ከ«መፅሀፍ» ያላቸው ርቀት 2 ነው። እኩል የሆኑት በዩኒኮድ ቅደም ተከተል ከተደረደሩ አምስቱም ከ«መጽሐፍ» ይቀድማሉ። አምስት ጥቆማ ብቻ የሚያሳይ አራሚ መጽሐፍን አያሳይም ማለት ነው።

ምክንያቱ ሞክሼ ፊደላት ናቸው። ለአንባቢ ጆሮ አንድ የሆኑት ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ለኮምፒውተሩ እንደ በ እና ገ የተራራቁ ናቸው። መፍትሄው ከማወዳደር በፊት ሁለቱንም ቃላት ወደ አንድ መልክ ማምጣት ነው። የዩኒኮድ የግእዝ ሰሌዳ ከ`U+1200` ጀምሮ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ስምንት ስምንት ቦታ ስለሚሰጥ ሥራው ቀላል ነው፤ የቤተሰቡን መነሻ መቀየርና ቦታውን እንዳለ መተው ብቻ ነው፦

```python
SERIES = {0x1210: 0x1200, 0x1280: 0x1200, 0x1220: 0x1230,
          0x12D0: 0x12A0, 0x1340: 0x1338}

def key(w):
    out = ""
    for ch in w:
        c = ord(ch)
        base, order = c & ~7, c & 7
        if order < 7:
            c = SERIES.get(base, base) + order
        out += chr(c)
    return out.replace("ሃ", "ሀ").replace("ኣ", "አ")
```

ስምንተኛውን ቦታ የተውነው በየቤተሰቡ የሚይዘው ፊደል ስለሚለያይ ነው። የመጨረሻው መስመር ደግሞ በሀ እና በአ ቤት ግእዙና ራብዑ በንባብ አንድ ስለሆኑ የገባ ነው። አሁን «መፅሀፍ» እና «መጽሐፍ» ሁለቱም «መጽሀፍ» ይሆናሉ፤ ርቀታቸውም 0 ነው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ይህ መልክ ለማወዳደር ብቻ ነው፤ ለተጠቃሚው የሚታየው በመዝገበ ቃላቱ የሰፈረው ጽሕፈት መሆን አለበት። እንዲሁም ርቀቱ 0 የሆነን ቃል ከሥሩ በቀይ ማስመር ተገቢ አይመስለኝም። «መፅሀፍ» ብሎ የሚጽፍ ብዙ ነው፤ ጋዜጣ ወይም አሳታሚ ቤት ወጥ ጽሕፈት ካልጠየቀ በስተቀር ጥቆማውን በዝምታ አቅርቦ ምርጫውን ለጸሐፊው መተው ይሻላል።

ምልክት፦ የአናባቢ ግድፈት እንደ ሙሉ ስህተት ይቆጠራል

በላቲን ቁልፎች አማርኛ ሲጻፍ በአብዛኞቹ መጻፊያዎች ተነባቢው ብቻውን ሳድስን ይሰጣል፤ አናባቢው ሲጨመር ፊደሉ ይለወጣል። ስለዚህ አናባቢው የተዘለለ እንደሆነ «ሰላም» «ስላም» ሆኖ ይወጣል። ከ«ስላም» ርቀታቸው 1 የሆኑትን ይመልከቱ፦ ሰላም፣ ስም፣ ስላቅ፣ እስላም። አራቱም እኩል ናቸው፤ ማንኛውም አማርኛ አንባቢ ግን የታሰበው የቱ እንደሆነ ወዲያው ያውቃል።

በእንግሊዝኛ የአናባቢ ለውጥ የአንድ ፊደል ለውጥ ነው፤ ተነባቢው ሳይነካ ይቀራል። በእኛ ፊደል ሁለቱ ተዋሕደው ስለሚጻፉ ተራው የመተካት ዋጋ «ተነባቢው ትክክል ነው» የሚለውን መረጃ ይጥለዋል። ይህን መልሶ ለማግኘት ከአንድ ቤተሰብ የሆኑ ፊደላት ሲተካኩ ዋጋው ግማሽ ይሁን፦

```python
def cost(x, y):
    if x == y:
        return 0
    p, q = ord(x), ord(y)
    if 0x1200 <= min(p, q) and max(p, q) <= 0x1357 and p >> 3 == q >> 3:
        return 0.5
    return 1
```

አሁን ሰላም በ0.5 ይቀድማል፤ ሌሎቹ 1 ላይ ይቀራሉ። የክልል ገደቡ የገባው የላቲን ፊደላትም በስምንት በስምንት ተቧድነው ግማሽ ዋጋ እንዳያገኙ ነው። የዚህ ዘዴ ጉድለት ቋ፣ ኳ እና ጓን የመሰሉ ፊደላት ከቀ፣ ከከ እና ከገ ተለይተው በራሳቸው ረድፍ መቀመጣቸው ነው፤ ቀ በቋ ሲተካ ዋጋው 1 ሆኖ ይቀራል። ካስፈለገ ለእነዚህ ጥንዶች በእጅ ዝርዝር ማዘጋጀት ይቻላል።

ምልክት፦ ለአጭር ቃል የጥቆማ ጎርፍ ይመጣል

ለእንግሊዝኛ የተለመደው ጣሪያ 2 ለአማርኛ ሰፊ ነው። ማናቸውም ሁለት ባለሁለት ፊደል ቃላት ርቀታቸው ከ2 አይበልጥም፤ ስለዚህ ለ«ቤት» በመዝገበ ቃላቱ ያለው ባለሁለት ፊደል ቃል ሁሉ ይጠቆማል። ባለሦስት ፊደል ቃልም ቢሆን አንድ ፊደል ብቻ ከገጠመለት ያልፋል። ጣሪያው ከርዝመቱ ጋር ይደግ፤ እስከ 3 ፊደል ድረስ 1፣ ለ4 እና ለ5 ፊደል 1.5፣ ከዚያ በላይ 2። 1.5 ማለት አንድ ሙሉ ስህተትና አንድ የአናባቢ ግድፈት ማለት ነው፤ ለአራት ፊደል ቃል ከዚህ በላይ መሄድ ግምት ነው።

ጣሪያው ፍጥነትንም ይረዳል። የሁለት ቃላት ርቀት ከርዝመታቸው ልዩነት አያንስም፤ ልዩነቱ ከጣሪያው የበለጠ ቃል ሰንጠረዥ ሳይሠራለት ይታለፍ። በመሐል ደግሞ የአንድ ረድፍ ትንሹ ቁጥር ከጣሪያው ካለፈ ቀጣዮቹ ረድፎች ሊቀንሱት ስለማይችሉ እዚያው ማቆም ይቻላል።

ምልክት፦ ቃሉ በመዝገበ ቃላቱ አለ፣ ቅጥያ ሲኖረው ግን አይገኝም

«ለትምርታቸው» ተጻፈ። ከ«ትምህርት» ጋር ሲወዳደር «ለ»፣ «ቸ» እና «ው» ይሰረዛሉ፣ «ህ» ይገባል፣ «ታ» በ«ት» ይተካል፤ ድምሩ 4.5 ነው። ጣሪያውን እስከዚያ ማሳደግ ጎርፉን ይመልሳል። ስለዚህ አስቀድሞ ቅጥያዎቹን መግፈፍ ያስፈልጋል፤ ከፊት ለ፣ በ፣ ከ፣ የ፣ ከኋላ ቸው፣ ችሁ፣ ዎች እና የመሳሰሉት። «ለ» እና «ቸው» ሲወጡ «ትምርታ» ይቀራል። «ታ» የቃሉን «ት» ከቅጥያው አናባቢ ጋር አዋሕዶ ስለያዘ መቁረጫው በፊደሉ መሐል ላይ ያርፋል፤ የግማሽ ዋጋው ግን ይህን ይሸከማል። ርቀቱ 1.5 ነው፣ ለአራት ፊደል ቃል በጣሪያው ውስጥ ነው፣ «ትምህርት»ም ይገኛል። ሲጠቆም ቅጥያዎቹ ተመልሰው ይለጠፋሉ፣ የመጨረሻው ፊደል ወደ ራብዕ ይለወጣል፤ «ለትምህርታቸው» ይሆናል።

ከመግፈፍ በፊት ሙሉው ቃል በመዝገበ ቃላቱ መኖሩ ይታይ። ይህ ካልተደረገ «ከተማ» «ተማ» ሆኖ፣ «በረዶ» «ረዶ» ሆኖ ይፈለጋል።

ለግሶች ግን ይህ አይበቃም። ሰበረ፣ ይሰብራል፣ ተሰባበረ በሚሉት ውስጥ ለውጡ የሚካሄደው በቃሉ ሆድ ውስጥ ነው፤ ከዳርና ከዳር በመግፈፍ አንዱን ከሌላው ማግኘት አይቻልም። እዚህ ላይ የሚያዋጣው ከታረመ ጽሑፍ የተሰበሰቡትን የግስ መልኮች እንዳሉ በዝርዝሩ ማስገባት፣ ወይም የግሱን እርባታ የሚያወጣ ፕሮግራም ከአራሚው ፊት ማስቀመጥ ነው።